ድምፁ ከአፍ ቀድሞ ይሰማል፤ ኦቢኤስ ላይ በስንት ሚሊሰከንድ ላዘግየው?

ማኅደር_ላይቭ
ሰላም ለሁላችሁ። በቀጥታ የምናስተላልፈው መርሐ ግብር ላይ ድምፁ ከተናጋሪው ከንፈር ይቀድማል። ቃሉ ተሰምቶ ካለቀ በኋላ ነው አፉ የሚዘጋው። ዕቃው እንዲህ ነው፦ አንድ ካሜራ በኤችዲኤምአይ ወደ ካፕቸር ካርድ፣ ከካፕቸር ካርዱ በዩኤስቢ ወደ ላፕቶፕ። ድምፁ ደግሞ ከሚክሰሩ በሌላ ዩኤስቢ በቀጥታ ወደዚያው ላፕቶፕ ይገባል። ካሜራው በሰከንድ 25 ፍሬም ነው የተደረገው። አንድ ሰው ኦቢኤስ ውስጥ ድምፅ የሚያዘገየው Sync Offset ላይ 500 አስገቢ ብሎኝ ነበር፤ አስገባሁ፤ አሁን ደግሞ ተገልብጦ ድምፁ ወደ ኋላ ቀረ። ትክክለኛው ቁጥር ስንት ነው?

ፈጣን_መረብ
ኢንተርኔትሽ ነው። ኔትወርክ ሲደክም ምስሉ ከባድ ስለሆነ ይዘገያል፣ ድምፁ ቀላል ስለሆነ ቀድሞ ያልፋል። ቢትሬቱን ከ6000 ወደ 2500 አውርጂው፣ ይስተካከላል።

የሚክሰር_ሰው
ፈጣን_መረብ፣ ይቅርታ፣ ይሄ እንኳ አይደለም። ድምፅና ምስል ከኦቢኤስ ሲወጡ በአንድ ላይ ታስረው፣ ለእያንዳንዱ መቼ መታየትና መሰማት እንዳለበት ሰዓቱ ተጽፎበት ነው የሚሄዱት። መስመሩ ሲደክም ሁለቱም አብረው ይቆማሉ፤ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ከዚያ አብረው ይቀጥላሉ። ኔትወርክ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሩብ ሰከንድ አያስቀድምም።

ማኅደር፣ ከመገመት ይልቅ ይሄን አድርጊ። ስርጭት ሳትጀምሪ Start Recording ብቻ ተጭነሽ ሁለት ደቂቃ ቅጂና ፋይሉን እዚያው ላፕቶፕ ላይ ክፈቺው። ፋይሉም ላይ ካልገጠመ ኢንተርኔት ነጻ ወጣ ማለት ነው። ከዚያ ሁለት ነገር ንገሪኝ፦ ድምፁ ነው የሚቀድመው ወይስ ምስሉ? ልዩነቱ መጀመሪያ ላይና ከአንድ ሰዓት በኋላ እኩል ነው ወይስ እየሰፋ ይሄዳል? ሁለተኛው ጥያቄ ዋናው ነው። እኩል ከሆነ አንድ ቁጥር ይበቃዋል፤ እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ግን ምንም ቁጥር ብታስገቢ አይድንም።

ማኅደር_ላይቭ
500ውን ወደ 0 መልሼ ቀዳሁት። ፋይሉም ላይ ያው ነው፣ ድምፁ ይቀድማል። ያለፈውን ሳምንት የአንድ ሰዓት ከሃያ ቅጂም አየሁት፤ መጀመሪያውም መጨረሻውም ላይ ልዩነቱ ያው ነው፣ አልሰፋም።

የሚክሰር_ሰው
በጣም ጥሩ፣ ቀላሉ ዓይነት ነው የደረሰብሽ። ምክንያቱ መንገዱ ነው። ምስሉ መጀመሪያ ካሜራው ውስጥ ይብላላል፤ ከዚያ በኤችዲኤምአይ ይወጣል፣ ካፕቸር ካርዱ ይቀበለዋል፣ ለዩኤስቢ እንዲመች ይቀይረዋል፣ ኦቢኤስ ደግሞ ጥቂት ፍሬም አጠራቅሞ ነው የሚያሳየው። በየደረጃው አንድ ሁለት ፍሬም ይበላል። ባንቺ ካሜራ አንድ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው፣ ስለዚህ አምስት ፍሬም ብትዘገዪ 200 ሆነ። የሚክሰሩ ድምፅ ግን በጥቂት ሚሊሰከንድ ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ድምፁ ፈጥኖ አይደለም እንግዲህ፣ ምስሉ ነው የዘገየው። ምስሉን ማፍጠን ስለማይቻል ድምፁን እናስጠብቀዋለን።

ቁጥሩን ከሌላ ሰው አትቀበዪ፣ ከእኔም ቢሆን። በካሜራውና በካርዱ ዓይነት ይለያያል። መለካት ነው ያለብሽ፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

መጀመሪያ ኦቢኤስ ላይ Settings ከዚያ Video ገብተሽ ፍሬሙን እንደ ካሜራው 25 አድርጊው። 30 ላይ ከተተወ አንዳንዱ ፍሬም እየተደገመ ልኬትሽን ያወዛውዘዋል። Sync Offset 0 ይሁን። ከዚያ አንድ ሰው መድረኩ ላይ፣ ማይኩ አፍንጫ ሥር ቆሞ፣ እጆቹ ለካሜራው በደንብ እየታዩ አምስት ጊዜ ያጨብጭብ፤ በየመሃሉ ሁለት ሁለት ሰከንድ ይጠብቅ። ከማይኩ አጠገብ ያልኩት በምክንያት ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ አጨብጫቢው ከማይኩ 10 ሜትር ርቆ ከቆመ 29 ሚሊሰከንድ በአየር ላይ ያልቃል። የአንድ ፍሬም ሦስት ሩብ ያህል ነው፣ ልኬትሽን ያበላሸዋል።

ቅጂውን ማንኛውም የቪዲዮ መቁረጫ ውስጥ አስገቢና የድምፁን ሞገድ አጉልተሽ እዪ። ጭብጨባው ቀጥ ያለ ሹል ሆኖ ይታያል። ከዚያ ሹል ጀምረሽ በፍሬም በፍሬም ወደ ፊት ሂጂ፤ ሁለቱ መዳፎች ገጥመው የሚታዩበት የመጀመሪያው ፍሬም ጋ ስትደርሺ ቁሚ። በመሃሉ ስንት ፍሬም እንዳለ ቁጠሪ፤ ሹሉ ፍሬም መሃል ላይ ካረፈ ግማሹንም ገምቺ። አምስቱንም ጻፊልኝ።

ዳሽ_ቲቪ
የእኔም ተመሳሳይ ነው። ቲቪዬን ከብሉቱዝ ስፒከር ጋር ሳገናኘው ድምፁ ከሰውየው አፍ ኋላ ይቀራል። የቲቪው ማስተካከያ ላይ የድምፅ ማዘግያ አለ፣ ከ0 እስከ 250 ድረስ ሞከርኩት፣ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ኦቢኤስ ብጭንበት ይሠራል?

ኤዲቲንግ_ቤት
ዳሽ_ቲቪ፣ ያንተ የእሷ ግልባጭ ነው። ብሉቱዝ ድምፁን አጭቆ፣ ልኮ፣ ስፒከሩ ውስጥ ፈትቶ እስኪያወጣው ድረስ ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ቲቪው ላይ ያለው ቁልፍ ማዘግየት ብቻ ነው የሚችለው፤ የዘገየውን ድምፅ ደግሞ ብታዘገየው ይብሳል፣ ያየኸውም እሱን ነው። ያልተጫወተ ድምፅን ማስቀደም ከዲሽ በሚመጣ ስርጭት ላይ አይቻልም። ገመድ ግዛ፣ ወይ በኦፕቲካል ወይ በኤችዲኤምአይ ኤአርሲ አገናኘው። ኦቢኤስ ለዚህ ምንም አያደርግልህም።

ፊልም ከኮምፒውተር ላይ በቪኤልሲ የምታይ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ፋይሉ ሙሉውን በእጁ ስላለ ድምፁን አስቀድሞ ማንበብ ይችላል። በዊንዶውስ J ስትጫን በየ50 ሚሊሰከንዱ ድምፁን ያስቀድመዋል፣ K ያዘገየዋል። ለብሉቱዝ J ሦስት አራት ጊዜ ተጫን።

ዳሽ_ቲቪ
J አራት ጊዜ፣ ገጠመ! ለዲሹ ግን ጌም ሞድ አብራ ብለውኛል፣ እሱስ?

ኤዲቲንግ_ቤት
ጌም ሞድ ምስሉን ነው የሚያፈጥነው፣ የስዕል ማሳመሪያውን ስለሚዘልል። ያንተ ምስል ቀድሞውንም ቀዳሚ ነው፤ ታዲያ ይበልጥ እንዲቀድም ለምን ትፈልጋለህ? እንደውም አጥፋው፣ የስዕል ማሳመሪያዎቹን ሁሉ አብራቸው። ምስሉን ትንሽ ጎትተው ወደ ድምፁ ያቀርቡታል። ገመድ እስክትገዛ ያህል ይሆናል።

ማኅደር_ላይቭ
ለካሁ። በፍሬም፦ 4.9፣ 5.5፣ 4.7፣ 5.4፣ 5.1። ለምን አንድ ዓይነት አልሆነም? አጨብጫቢው ያው ሰው ነው፣ ቦታውንም አልለወጠም።

የሚክሰር_ሰው
ትክክል ነው የለካሽው፣ ባይለያይ ነበር የምጠራጠረው። ካሜራው በየ40 ሚሊሰከንዱ አንዴ ነው የሚያየው። እጅ የሚጋጨው ግን ካሜራው ባየ ቅጽበት ላይሆን ይችላል፣ በሁለት ፍሬም መሃልም ይጋጫል። ያኔ ገጥመው የሚታዩት በሚቀጥለው ፍሬም ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ልኬትሽ ከእውነተኛው መዘግየት ከዜሮ እስከ አንድ ፍሬም ድረስ ይበልጣል፤ ፈጽሞ አያንስም።

ከዚህ ደስ የሚል ነገር ይወጣል። ትንሹ ልኬትሽ 4.7 ነው፤ እውነቱ ከእሱ ሊበልጥ አይችልም። ትልቁ 5.5 ነው፤ እውነቱ ከእሱ ላይ አንድ ተቀንሶ ከ4.5 ሊያንስ አይችልም። እንግዲህ በ4.5 እና በ4.7 ፍሬም መሃል ተያዘ፣ በ40 ስናባዛው ከ180 እስከ 188 ሚሊሰከንድ። አማካዩም ያንኑ ይላል፤ የአምስቱ አማካይ 5.12 ነው፣ ግማሽ ፍሬም ሲቀነስ 4.62፣ በ40 ሲባዛ 185። 185 አስገቢ።

ኤዲቲንግ_ቤት
ስሌቱን ወደድኩት፣ እኔ ግን 200 ነው የማስገባው። ሰው ሁለቱን አቅጣጫ እኩል አይታገሥም። መብረቁ ይታያል፣ ነጎድጓዱ ኋላ ይመጣል፤ ሩቅ እንጨት የሚፈልጥ ሰው መጥረቢያው ካረፈ በኋላ ነው ድምፁ የሚደርሰን። ኋላ የሚመጣ ድምፅ ለጆሯችን ልማዱ ነው። ቀድሞ የሚመጣ ድምፅ ግን በተፈጥሮ የለም፣ ቶሎ ይነቃበታል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ1998 ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ቢቲ.1359 የሚባለው፣ ተመልካች ድምፁ በ45 ሚሊሰከንድ ሲቀድም ይነቃል፤ ሲዘገይ ግን እስከ 125 ድረስ አይነቃም። መታገሥ የሚቻልበት ወሰን ደግሞ ለቀዳሚ 90፣ ለዘግይ 185 ነው።

ማኅደር፣ የ500ው ነገር ከዚህ ይገባሻል። ያስፈልግሽ የነበረው 185 ገደማ ነው፤ 500 ስታስገቢ ድምፁ በ315 ኋላ ቀረ። ከወሰኑ አልፏል፣ ስለዚህ ማንም ያየዋል። ከሁለቱ በአንዱ አቅጣጫ መሳሳት ካልቀረ ግን ወደ ኋላ መሳሳት ይሻላል፣ ለዚህ ነው 200 ያልኩት።

የሚክሰር_ሰው
15 ሚሊሰከንድ ላይ ልንጣላ ነው? ለክቼ ያገኘሁትን ቁጥር ለምን አጠጋጋዋለሁ።

ኤዲቲንግ_ቤት
ካርዱ ነገ ሲነሣ 185 ላይ እንደሚቆም ምንም ዋስትና ስለሌለ። ይቆየን፣ ታያለህ።

ይልቅ የት እንደሚገባ ላሳያት። Audio Mixer ውስጥ ከማይክሽ ስም አጠገብ ያሉትን ነጥቦች ተጫኚ፣ Advanced Audio Properties ትላለች። በሚከፈተው ሠንጠረዥ ላይ Sync Offset የሚለው ዓምድ ነው። ከዜሮ በላይ የሆነ ቁጥር ድምፁን ያዘገያል፣ የመቀነስ ምልክት ያለው ያስቀድማል። ያንቺ የመደመር ነው። ከሚክሰሩ በሚመጣው ድምፅ ትይዩ ብቻ አስገቢው። በላፕቶፑ የምታጫውቺው ቪዲዮ ወይም መዝሙር ካለ እሱ የራሱ ምስልና ድምፅ አብረው ስለሚወጡ አትንኪው፤ ከነካሽው የእሱ ከንፈር ይፋታል። አንድ ሌላ ነገር፣ ካፕቸር ካርዱ የካሜራውንም ድምፅ ይዞ ይገባል፤ ሚክሰሩ ላይ ሲደረብ ገደል ማሚቶ ይሆናል። እሱን ዝጊው።

ፈጣን_መረብ
የኢንተርኔቱን ተውኩት እሺ። ግን እኔ ጋ ቢትሬት ስቀንስ በእርግጥ ተሻሽሎልኛል፣ ዝም ብዬ አይደለም የተናገርኩት።

የሚክሰር_ሰው
ይሆናል፣ ሌላ በሽታ ነው ያዳንከው። መስመሩ ቢትሬቱን መሸከም አቅቶት ኦቢኤስ ፍሬም ሲጥል ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈሩም የተዛባ ይመስላል። ያኔ ቢትሬቱን ስትቀንስ ይረጋጋል። ኦቢኤስ ግርጌ ላይ ወይም Stats መስኮት ላይ የተጣሉ ፍሬሞች ቁጥር ይጨምራል፣ በዚያ ታውቀዋለህ። የማኅደር ግን ለስላሳ ሆኖ ነው የዘገየው።

አዳራሽ_ቁጥር3
እኛ ጋ ችግሩ ስርጭቱ ላይ አይደለም፣ አዳራሹ ውስጥ ነው። ተናጋሪውን በትልቅ ፕሮጀክተር እናሳየዋለን፣ ሕዝቡ ስክሪኑን ሲያይ ከንፈሩ ከስፒከሩ ኋላ ነው። Sync Offset አስገባሁ፣ ምንም ለውጥ የለም።

የሚክሰር_ሰው
አይኖርማ። የአዳራሹ ስፒከር ከሚክሰሩ በቀጥታ ነው የሚጮኸው፣ በኦቢኤስ አያልፍም። ኦቢኤስ የሚያዘግየው ወደ ስርጭቱ የሚሄደውን ብቻ ነው። የአዳራሹን ድምፅ ሚክሰሩ ላይ በ200 ልታዘገየው ትችላለህ፣ ግን አታድርገው፤ ፊት የተቀመጠው ሰው የተናጋሪውን የራሱን ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ስፒከሩ ይደግመዋል፣ ተናጋሪውም በራሱ ማሚቶ ይደናገራል።

አዳራሽ ውስጥ ማሳጠር የምትችለው የምስሉን መንገድ ነው። የካሜራውን ኤችዲኤምአይ ለሁለት በሚከፍል ስፕሊተር ከፍለህ አንዱን ወደ ላፕቶፑ፣ ሌላውን በቀጥታ ወደ ፕሮጀክተሩ ስደደው። ላፕቶፑ ላይ የሚባክኑት ፍሬሞች ሁሉ ይድናሉ። ፕሮጀክተሩ ውስጥ ያሉትን የስዕል ማሳመሪያዎች አጥፋ፤ ትራፔዝ ማስተካከያውንም ከቻልክ አጥፋና ፕሮጀክተሩን ራሱን ቀጥ አድርገህ ስቀለው። በነገራችን ላይ ኋላ የተቀመጡት ያን ያህል አያማርሩም፤ 30 ሜትር ርቀት ላይ ድምፁ ራሱ 87 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ነው የሚደርሳቸው፣ ለስክሪኑ ይቀርበዋል። የሚያማርሩት የፊት ወንበሮች ናቸው።

አዳራሽ_ቁጥር3
በስፕሊተር ከላክሁት ግን ስሙንና ጥቅሱን ከሥር የምናወጣው ጽሑፍ ይቀራል፣ እሱ ከኦቢኤስ ነው የሚመጣው።

የሚክሰር_ሰው
አዎ፣ ይቀራል። ወይ ጽሑፉን ወይ ከንፈሩን ነው፤ ሁለቱንም የሚሰጥህ የቪዲዮ ሚክሰር መግዛት ይኖርብሃል።

ማኅደር_ላይቭ
190 አስገባሁ፣ ሁለታችሁም እንዳትቆጡ። እንደገና አጨብጭበን ቀዳን፤ ሹሉና መዳፉ አንድ ፍሬም ውስጥ ገቡ። አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ያለፉት የተቀዱት ሦስት መርሐ ግብሮች ተበላሽተው ነው የተቀመጡት። እነሱን ማዳን ይቻላል?

ኤዲቲንግ_ቤት
ይቻላል፣ እንደገና ሳይጨመቅ። ኤፍኤፍኤምፔግ ካለሽ በሁለት ደቂቃ፦

```
ffmpeg -i in.mp4 -itsoffset 0.19 -i in.mp4 -map 0:v -map 1:a -c copy out.mp4
```

አንዱን ፋይል ሁለት ጊዜ ነው የምንከፍተው፤ ምስሉን ከመጀመሪያው፣ ድምፁን 0.19 ሰከንድ ከዘገየው ከሁለተኛው እንወስዳለን። ቁጥሩ በሰከንድ ነው፣ 190 ብለሽ ከጻፍሽ ከሦስት ደቂቃ በላይ ታዘገዪዋለሽ። `-itsoffset` ከኋላው የሚመጣውን `-i` ብቻ ነው የሚነካው፤ ብዙ ሰው ከፋይሉ ስም በኋላ ይጽፈውና ምንም አልሠራም ይላል።

ድምፁ ዘግይቶ ላለ ፋይል ደግሞ በመቀነስ ከመታገል ምስሉን አዘግዪው፤ `-itsoffset 0.19` የሚለውን ከመጀመሪያው `-i` ፊት አድርጊው።

ማኅደር_ላይቭ
ሠራ። ላፕቶፑ ላይ ገጥሟል፤ አንድ የቆየ የሞባይል ማጫወቻ ላይ ግን እንደ ድሮው ነው፣ ምንም ያልተነካ ይመስላል።

ኤዲቲንግ_ቤት
ያ ትእዛዝ ድምፁን ራሱን አልነካውም፣ ፋይሉ ላይ «ይሄን ቆይተህ ጀምር» የሚል ማስታወሻ ነው የጻፈው። አንዳንድ ማጫወቻ ማስታወሻውን አያነበውም። ለሁሉም እንዲሆን ከፈለግሽ እውነተኛ ዝምታ መግቢያው ላይ አስገቢ፦

```
ffmpeg -i in.mp4 -c:v copy -af "adelay=190:all=1" -c:a aac -b:a 192k out.mp4
```

እዚህ ቁጥሩ በሚሊሰከንድ ነው፣ እንዳይምታታብሽ። ምስሉ አይነካም፣ ድምፁ ብቻ እንደገና ይጨመቃል። ከዋናው ፋይል ነው የምትሠሪው፣ ካስተካከልሽው አይደለም፤ አለዚያ ሁለት ጊዜ ይዘገያል።

ሰርግ_ቀራጭ
እኔም ልጠይቅ። ቪዲዮ በስልክ፣ ድምፅ በትንሿ መቅጃ ነው የቀዳሁት። መጀመሪያውን በጭብጨባ አገጣጥሜዋለሁ፣ ፍጹም ነው። አንድ ሰዓት ላይ ሲደርስ ግን ድምፁ ሦስት ሰከንድ ተኩል ያህል ኋላ ነው። መሃሉን ባገጣጥመው ሁለቱ ጫፍ ይበላሻል።

የሚክሰር_ሰው
ይሄ ነው ማኅደርን መጀመሪያ የጠየቅኳት ነገር። የማይቆም ልዩነት ነው፤ አንዱ ሰዓት ከሌላው ፈጥኖ ይሄዳል። በትክክል ለክተህ ንገረኝ፣ ሦስት ተኩል ነው ወይስ 3.6?

ሰርግ_ቀራጭ
3.6 ነው።

የሚክሰር_ሰው
እንግዲያው ቁጥሩ ራሱ ተናዟል። አንድ ሰዓት 3600 ሰከንድ ነው፤ 3.6 ማለት ከሺህ አንድ። 29.97 እና 30 ፍሬም የሚለያዩት በዚያችው ከሺህ አንድ ነው። በ29.97 የተቀዳውን ፋይል የመቁረጫው ፕሮጀክት በ30 ነው የሚያጫውተው፤ ምስሉ ስለፈጠነ ድምፁ የቀረ ይመስላል። ድምፁን አትንካው። ፕሮጀክቱን 29.97 አድርገህ ክሊፑን እንደ አዲስ አስገባው።

ኤዲቲንግ_ቤት
በስልክ ከሆነ የቀዳው ሌላም ይጠረጠራል። ስልክ ብርሃን ሲያንሰው ፍሬሙን ይቀንሳል፣ ሲያገኝ ይጨምራል፤ ሚዲያኢንፎ ውስጥ ስታየው Frame rate mode ላይ Variable ይላል። እንዲያ ከሆነ ልዩነቱ ቀጥ ብሎ አያድግም፣ አንዴ ይሰፋል አንዴ ይጠባል። ከመቁረጥህ በፊት ቋሚ አድርገው፦

```
ffmpeg -i phone.mp4 -vf fps=30 -c:v libx264 -crf 18 -c:a copy fixed.mp4
```

ምስሉ እንደገና ይጨመቃል፣ ጊዜ ይወስዳል፤ ፋይሉም ሊተልቅ ይችላል።

ሰርግ_ቀራጭ
Variable ይላል። ግን ግማሽ ሰዓት ላይ ለካሁት፣ 1.8 ነው። ቀጥ ብሎ ነው ያደገው።

የሚክሰር_ሰው
ቀጥ ካለ የእኔ ነው። ፕሮጀክቱን ቀይር።

ኤዲቲንግ_ቤት
ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የግዴታ ቋሚ አድርገው፣ ያኔ የቀረው ልዩነት የማን እንደሆነ ይታያል።

ሰርግ_ቀራጭ
ሌሊቱን እንዲሠራ ትቼው ልተኛ። ሲያልቅ እጽፋለሁ።

ማኅደር_ላይቭ
ይቅርታ፣ ተመልሼ መጣሁ። ዛሬ ላፕቶፑን አጥፍቼ አስነሣሁት፣ ምንም ሳልነካ። ከስርጭቱ በፊት ልማድ ይሁን ብዬ አጨበጨብን። 190 ላይ እንዳለ ድምፁ አሁንም በአንድ ፍሬም ያህል ይቀድማል። ቁጥሩ አልተቀየረም፣ አይቼዋለሁ።

ኤዲቲንግ_ቤት
አላልኩም?

የሚክሰር_ሰው
እሺ፣ ይሄን ዋጥኩት። ካርዱ በተነሣ ቁጥር የሚያጠራቅመው ፍሬም አንዳንዴ በአንድ ይለያያል። የካፕቸር ካርዱን Properties ክፈቺና Buffering የሚለውን Disable አድርጊው፤ መዘግየቱ ራሱ ይቀንሳል፣ መወዛወዙም የሚቀንስ ይመስለኛል። ግን ከዚያ በኋላ 190ው አይሠራም፣ እንደ አዲስ ትለኪያለሽ። ምስሉ መቆራረጥ ከጀመረ መልሺው። ካርዱንም በዩኤስቢ ማባዣ ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኪው።

ማኅደር_ላይቭ
አሁን ማባዣ ላይ ነው፣ ከሚክሰሩ ጋር አንድ ላይ።

የሚክሰር_ሰው
ለያያቸው። መጀመሪያ እሱን ብቻ ቀይረሽ ላፕቶፑን ሦስት ጊዜ አጥፊና አስነሺ፣ በየጊዜው አጨብጭቡና ለኪ። Bufferingን ከዚያ በኋላ ንኪ። ሁለቱን አንዴ ከቀየርሽ የትኛው እንደሠራ አናውቅም።

ማኅደር_ላይቭ
ለያየኋቸው፣ ሦስት ጊዜ አስነሣሁ። በአማካይ የቀረው ልዩነት፣ ግማሽ ፍሬሙን ቀንሼ፦ 5፣ 0፣ 40። ሦስተኛው ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ኤዲቲንግ_ቤት
ድምፁ ነው የቀደመው በ40?

ማኅደር_ላይቭ
አዎ፣ ቀዳሚ።

ኤዲቲንግ_ቤት
እንግዲያው 210 ላይ ተይው። ጥሩ ቀን በ20 ይዘገያል፣ መጥፎ ቀን በ20 ይቀድማል፤ ሁለቱንም ማንም አያየውም። ከስርጭት በፊት ግን ጭብጨባዋን አትተዪ።

የሚክሰር_ሰው
Buffering ሞክሪና ቁጥሩን ጻፊልን፤ ያ 40 ከየት እንደሚመጣ ማወቅ እፈልጋለሁ።